ባዶ ቦታ የማይወዱት ጋሽ ልዑልሰገድ

መሐል ሜዳ ላይ ባዶ ቦታ የማይወዱ ሰው ማን ናቸው ቢባል፣ አንድም ሰው ሳያመነታ ጋሽ ልዑልሰገድን ይጠራል። ባዶ መሬት ማለቴ አይደለም፤ ባዶ ወረቀት ነው። ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ በቆርቆሮ ጥላቸው ሥር ተቀምጠው ማመልከቻ ሲጽፉ ጎልማሳነታቸውን ጨርሰው እርጅናቸውን ጀምረዋል። አንድ ገጽ ጽፈው ታች ሁለት ጣት የምታህል ቦታ ከተረፈች እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ወይ ይሞሏታል፣ ወይ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ መስመር ይሰርዟታል። «ባዶ የተተወ ቦታ ላይ ጠላት ይጽፍበታል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ በወጣትነታቸው አንዱ ብልጥ፣ ከሰው ውል ግርጌ በቀረች ባዶ መስመር ላይ «እርሻውንም ጨምሮ» ብሎ ጽፎ የሰው እርሻ ይዞ ሲሄድ አይተዋል።

ታዲያ መሰረዝ ከመሙላት ያነሰ ሙያ ስለሚመስላቸው፣ መሙላቱን ይመርጡ ነበር። ጠጄ የምትባል ባለጉዳይ የጎረቤቷ በግ ገብስ በላብኝ ብላ ስትመጣ፣ ማመልከቻውን የጀመሩት ከጎረቤቷ ቅድመ አያት ነው። ሰውየው በማን ዘመን ወደ ቀዬው እንደመጣ፣ ከማን ተጋብቶ ማንን እንደወለደ፣ በየትኛው ክፉ ዘመን የጠጄ አያት እህል እንዳበደሩት። ዳኛው ሦስተኛውን ገጽ ሲገልጡ ታገሱ፤ አራተኛው ላይ ቀና ብለው «ጋሽ ልዑልሰገድ፣ በጉ መቼ ነው ማሳው ውስጥ የሚገባው?» አሉ። ጋሽ ልዑልሰገድም ከኋላ ወንበር ተነሥተው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ «ይገባል ክቡር ፍርድ ቤት፣ መንገድ ላይ ነው» ብለው መለሱ። ይህን ያልሰማ ሰው መሐል ሜዳ የለም። አጠገባቸው ኮምፒውተርና ማተሚያ ዘርግቶ የሚሠራው ዓምደሚካኤል ደግሞ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝበት ይቺን ወሬ እያወጣ ይሞቃታል።

ግን እኚሁ ሰው አንድ የክብር ዘመን ነበራቸው። አምና ነው። ጽሑፋቸው በድንገት አጠረ። አንድ ገጽ፣ አንዳንዴም ግማሽ ገጽ፤ ማን ምን አደረገ፣ መቼ አደረገ፣ ማስረጃው የት አለ፣ ምን ይወሰንልኝ፤ አለቀ። ዳኛው አንድ ቀን አንዱን ማመልከቻ ችሎት ፊት ጮክ ብለው አንብበው፣ «ማመልከቻ ማለት እንዲህ ነው፤ ጋሽ ልዑልሰገድ ብዕርዎ ተባረከ» አሏቸው። ዓምደሚካኤል በሩ ላይ ቆሞ ሰማ። ያን ለት ድምፁ እንዴት እንደጠፋ ጋሽ ልዑልሰገድ እስከ ዛሬ ሲያስቡት ምራቃቸው ይጣፍጣል። ከዚያ ወዲያ የፍርድ ቤት በር ላይ ያለ ሰው ሁሉ «ዳኛው ያመሰገኗቸው» ይላቸው ጀመር፤ እሳቸውም ዝም ብለው ይሰሙት ጀመር።

እንግዲህ ነገሩ ወዲህ ነው። በዚያ ዘመን ጋሽ ልዑልሰገድ አያዩም ነበር።

ሞራ ሁለቱንም ዓይናቸውን ጋርዶት፣ ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር ምንም አይታያቸውም። ሰውን በድምፅ ይለያሉ፤ ከቤት ፍርድ ቤት ድረስ ያለውን መንገድ እግራቸው ያውቀዋል። ባለጉዳይ ወረቀት ሲሰጣቸው ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው «እም» ይሉና፣ «እስቲ አንቺ ያዢው» ብለው ለልጅ ልጃቸው ለፀደንያ ያቀብላሉ። ፀደንያ ከራቤል ወዲያ ካለ ገጠር ለትምህርት መጥታ እነሱ ቤት የተቀመጠች፣ ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል የነበረች ልጅ ናት። ለሰው «እጄን ቁርጥማት ስለያዘኝ እኔ እናገራለሁ እሷ ትጽፋለች፤ ቃሉ የኔ ነው» ይሉ ነበር። ደግሞም ይናገራሉ! ቅድመ አያት ሳያስቀሩ፣ የጠበሉን ቦታ ሳይዘሉ፣ እስኪደክማቸው ይናገራሉ። ፀደንያ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች፤ ባለጉዳዩ ይፈርማል።

ዳኛው ጮክ ብለው ያነበቡ ለት ነው ጉዳቸውን የሰሙት። ከዚያ ሁሉ ከተናገሩት ውስጥ ማመልከቻው ላይ የተገኘው የባለጉዳዩ ስምና ቀኑ ብቻ ነበር። ልጅቷ የሚሉትን በአንድ ጆሮዋ ሰምታ በሌላው እያፈሰሰች፣ ወረቀቶቹን ራሷ አንብባ፣ የራሷን ቃል ስትጽፍ ከርማለች። ጋሽ ልዑልሰገድ እየሰሙ ደማቸው ፈላ፤ ወዲያው ምስጋናው መጣ። ምስጋና ሲመጣ የማይለሰልስ ሰው ማን አለ? እጅ ነሡ። ቤት ሲገቡም ምንም አላሏትም፤ እሷም ምንም አላለችም። ክረምቱ ላይ ደብረ ብርሃን የዓይን ቀዶ ሕክምና ዘመቻ መጣና በራላቸው፤ ልጅቷ ወደ ደብተሯ ተመለሰች፤ ቅድመ አያቶቹም ወደ ማመልከቻው ተመለሱ። ዳኛው «ምነው ጋሽ ልዑልሰገድ» ሲሏቸው «ጉዳዩ ነው የረዘመው» ይላሉ።

ይህ ምስጢር ከሦስት ሰው አላለፈም፤ ሦስተኛዋ ባለቤታቸው እትዬ አማከለች ናቸው።

አሁን ፀደንያ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆናለች። ስም ጠሪ መምህሯ እፀገነት፣ ሙሉ ወጪ ለሚችል ለአንድ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ እንድታመለክት ረድታታለች። ድርሰቱ አልቋል፣ ፈተናው ተልኳል፣ ትራንስክሪፕቱ ማኅተም ተመቶበታል። የቀረችው አንዲት ሳጥን ናት፤ «ተጨማሪ መረጃ» የምትል፣ ከሦስት መቶ ቃል በላይ የማትቀበል፣ የፈለገ የሚሞላት ያልፈለገ የሚተዋት።

ፀደንያ ይህን ማታ እራት ላይ ስታነሣ የመምህሯን ምክር ልትነግራቸው ነበር። ጋሽ ልዑልሰገድ ግን «ያልፈለገ የሚተዋት» ከምትለው ቃል በኋላ አልሰሙም።

«ባዶ?» አሉ፤ እጃቸው ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። «ባዶ አድርጋችሁ ልትልኩ ነበር? የሰው አገር ድረስ?»

«አባባ፣ መምህርት እፀገነት ያለችው...»

«መምህርት እፀገነት እንግሊዝኛ ታስተምር። ማመልከቻ ግን የኔ ሙያ ነው። ይህን ለኔ ተይው።»

እትዬ አማከለች ከወዲያ ማዶ የበግ ፀጉር እየፈተሉ፣ «አይ ልጄን፣ ተያዘች» አሉ።

በማግስቱ ጋሽ ልዑልሰገድ ባለጉዳይ አልተቀበሉም። ቀኑን ሙሉ ጻፉ። ሦስት መቶ ቃል የተባለውን «ለመነሻ ነው» ብለው ተረጎሙት። በበነጋውም የተሰፋውን ወረቀት በብብታቸው ይዘው፣ ፀደንያን ከፊት አስቀድመው፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዱ።

መምህርት እፀገነት ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ወንበር አመጣችላቸው። ገና ወጣት ናት፤ ሳቅ ሲመጣባት ከንፈሯን መንከስ ታውቃለች። ያን ለት ብዙ ነከሰችው።

«ይቺ የመጀመሪያዋ ገጽ ምንድን ናት ጋሽ ልዑልሰገድ?»

«የትውልድ ሐረጓ። በአባቷ በኩል ነው፤ የእናቷ ከኋላ አለ።»

«ምን ያደርግላቸዋል?»

«ምን ያደርግላቸዋል?» ጋሽ ልዑልሰገድ ተገረሙ። «እዚህ አገር አባቱን ቆጥሮ ያልደረሰ ርስት አይደርሰውም ነበር። ማን እንደሆነች ሳያውቁ ወንበር ሊሰጧት ነው?»

«ወንበሩ ርስት አይደለማ። ይህን መቀነስ ነው የሚገባው።» ገለጠች። «ይሄስ? 'የተከበራችሁ፣ ስማችሁ ከአድማስ እስከ አድማስ የተሰማ'...»

«ከበሬታ ነው። ዳኛ ፊት 'እንደምን አደራችሁ' ሳይሉ ነገር ይጀመራል?»

«ከበሬታው ደስ ያሰኛል ብለው ያስቡ ይሆናል እንጂ የሚያነበው ሰው በዚህ አይደነቅም። በቀን ስንት እንደሚያነብ ቢያዩት! አንዱን ልጅ ካነበበ በኋላ ለሁለተኛው ዓይኑ እየቀላ ነው።» ሌላ ገጽ ገለጠች። «ሽልማቶቿ፦ የጥያቄና መልስ ውድድር፣ የዞኑ ሰርተፍኬት... እነዚህ የሽልማት ቦታቸው ላይ ገብተዋል። ሁለተኛ ቢጻፉ ሁለት አይሆኑም።»

«ማጠናከሪያ ነው።»

«መድገም ነው። ይሄ ደግሞ ድህነታችሁ፤ የገንዘብ ድጋፍ ቅጹ ላይ በሚገባ ተሞልቷል። ይሄ ግጥም ነው?»

«ራሷ የጻፈችው ነው፣ ስለ ዕውቀት። እኔ ትንሽ አቃናሁት።»

ፀደንያ ወደ መስኮቱ ዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከሐዘን እንዳልሆነ ጋሽ ልዑልሰገድ ቢያውቁም አለፏት።

«ድርሰቷን አንዴ ጽፋለች፤ ሳጥኗ ሁለተኛ ድርሰት እንድትሆን አይፈለግም። ትምህርት ቤት የተዘጋበትን ጊዜ የጻፉት ግን ቁም ነገር ነው» አለች መምህርቷ፤ የጋሽ ልዑልሰገድ አንገት ቀና አለ። «እሱን እኔ በትምህርት ቤቱ መግለጫ ላይ ጽፌዋለሁ። እሷን ብቻ ሳይሆን ተማሪውን ሁሉ የነካ ነገር ስለሆነ ከኔ ቢመጣ ይሻላል። ስለዚህ እዚህም አያስፈልግም።»

አንገታቸው ተመለሰ። መምህርቷ የመጨረሻውን ገጽ አየችና አሁን ግን አልቻለችም፤ ሳቀች። ግርጌው ላይ «ከላይ የተገለጸው ሁሉ እውነት መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ» ይላል።

«ሲያጌጡ ይመላለጡ አለ ያገሬ ሰው» አሉ ጋሽ ልዑልሰገድ፣ መሳቋን በመልካም ለማለፍ። «እሺ። ሁሉን አወጣሽው። ታዲያ ባዶ ልትልኪው ነው? ከኋላ አንዱ ገብቶ የፈለገውን ቢጨምርበትስ?»

«አይችልም። አንዴ ከተላከ እኛም ራሳችን አንነካውም። የሚጨመር የሌለው ልጅ ባዶ ቢተወው ማንም አይቀየመውም፣ ነጥብም አያጎድልበትም።» ከዚያ ሳቋ ጠፋ። ከመሳቢያ የትራንስክሪፕቱን ቅጂ አወጣች። «ፀደንያ ግን የሚጨመር አላት። ሳጥኗ የተሠራችው እንዲህ ላለ ነገር ነው፤ ሌላ ቦታ ላልተጻፈ፣ ካልተነገረ ደግሞ ፋይሉ በክፉ ለሚነበብ ነገር። ይኸው፣ አሥራ አንደኛ ክፍል፣ ሁለተኛ መንፈቅ ዓመት። ዘጠነኛና አሥረኛን ሙሉ አንደኛ ነች። እዚህ ጋ ሒሳብና ፊዚክስ ወድቀዋል። ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ይህን የሚያይ ሰው ምን ይላል? 'ትምህርቱ ሲከብድ ለቀቀችው' ይላል። ለመሐንዲስነት የምታመለክት ልጅ በሒሳብና በፊዚክስ ብቻ ስትወርድ! አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ካልተጻፈላት በዚህ ትወድቃለች። ምን ሆነሽ ነበር ፀደንያ?»

 ጋሽ ልዑልሰገድ ሒሳብና ፊዚክስ ጠዋት ጠዋት እንደነበሩ ያን ጊዜ ነው የገባቸው። ችሎትም ጠዋት ነው። ልጅቷ «ጠዋት የምንማረው ቀላል ቀላሉን ነው» ብላቸው ነበር፤ እሳቸውም ሳይጠይቁ ተቀብለው ነበር። ደስ ያላቸውን ነገር ማን ይመረምራል።

«አሞኝ ነበር» አለች ፀደንያ።

አያቷን ሳታያቸው ነው ያለችው። ጋሽ ልዑልሰገድ የጋቢያቸውን ጥለት ያሹ ጀመር።

«ምን አመመሽ?»

«ዝም ብሎ... ራሴን።»

መምህርት እፀገነት ትራንስክሪፕቱን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው። «ፀዱ፣ ያልሆነ ነገር ከምትጽፊ ባዶ ብትተዪው ይሻልሻል። እኔም በደብዳቤዬ ያንኑ ማረጋገጥ አለብኝ፤ አሞሽ እንደነበር አላውቅም። የቀሪ መዝገቡ የሚለው ጠዋት ጠዋት እንደምትቀሪ ነው። ራስ ምታት ሰዓት ያውቃል እንዴ?» ቀጥላም «ነገ ከሰዓት ኔትወርክ ካለ እንልከዋለን። እስከዚያ አስቢበት» አለች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ነፋሱ ከፊት ነበር። የመሐል ሜዳ ነፋስ በታኅሣሥ አጥንት ይፈልጋል። ጋሽ ልዑልሰገድ መንገዱን ሁሉ በሆዳቸው ሲሟገቱ መጡ። ዓይኔን ታምሜ ነበር ማለት ምንም አይደለም፤ በሽታ ነውር አይደለም። ግን ነገር ነገርን ይስባል። «ታውረው ከነበር ያን ማመልከቻ ማን ጻፈው?» ይባላል። የዓምደሚካኤል ፊት መጣባቸው። በጉ ገና ከመንገድ ሳይገባ ይህ ደግሞ ቢጨመር፣ ያ ሰውዬ እስከ ዕለተ ሞቱ ሌላ ወሬ አያስፈልገውም። «ዳኛው ያመሰገኗቸው» የምትለዋ ስም ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ሁሉ የጽሕፈት ዘመናቸው ያገኟት አንዲት ማዕረግ ናት።

ቤት ሲገቡ ፀደንያ ውኃ ልትቀዳ ወጣች። ጋሽ ልዑልሰገድ ነገሩን ለእትዬ አማከለች አጫወቷቸው፤ አሳጥረው ለማውራት ሞክረው አልቻሉም።

«ታዲያ ምን አልክ?» አሉ እትዬ አማከለች።

«ምን እላለሁ። ዝም አይነቅዝም።»

እትዬ አማከለች እንዝርታቸውን አቆሙ። «ዝምታህ አይነቅዝ ይሆናል። ልጅቷ ግን ነቀዘችልህ። እኔ የማይገባኝ፣ ለጠጄ ገብስ ሰባት ትውልድ የቆጠርክ ሰውዬ፣ ለገዛ ልጅህ አንዲት ቃል ስትባል ምላስህ የት ገባ? እስቲ ደግሞ ስለ ቅድመ አያቷ ንገራቸው፤ እሳቸው እንደሆኑ ሞተዋል፣ አያፍሩም።»

«አንቺ ሴትዮ!»

«'አንቺ ሴትዮ' አትበለኝ። አሞኝ ነበር ያለችው ላንተ ብላ ነው። እሷ ዋሸችልህ፤ አንተ እውነቷን ብትናገርላት ምን ትሆናለህ?»

ጋሽ ልዑልሰገድ ወጥተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ፀደንያ ጄሪካኗን ተሸክማ ስትመጣ ከሩቅ አዩዋት። ከሩቅ ማየታቸው ራሱ አሳፈራቸው። ያን ሰሞን በዚህ መንገድ ትመጣ የነበረችው እጃቸውን ይዛ ነበር፤ ሰው እንዳያውቅባቸው ብላ ደግሞ እሷ የተደገፈች እየመሰለች። ያኔ ጉድጓድ ሲቃረብ «አባባ፣ ቀስ በሉ ደከመኝ» ትላቸው ነበር። አንድ ቀን እንኳን «ጉድጓድ አለ» ብላ አታውቅም። ይህን ሲያስታውሱ ተነሥተው ጄሪካኑን ሊቀበሏት ሄዱ፤ ከባድ ስለነበር መልሰው ሰጧት።

በማግስቱ ከመምህርት እፀገነት ፊት የተቀመጡት ወረቀት ሳይዙ ነው። ፀደንያ ኮምፒውተሩ ፊት ነበረች።

«ልጄ መምህርት» አሉ፣ «ልጅቷ አላመማትም። እኔ ነኝ የታመምኩት። ነገሩ ከመሠረቱ ሲጀመር፣ ዓይን በቤታችን ከጥንት ጀምሮ፣ ይኸውም በአባቴ እናት በኩል...»

«አባባ» አለች ፀደንያ።

«እሺ። አላይም ነበር። ሞራ ነው። ጠዋት ጠዋት እሷ ትጽፍልኝ ነበር፤ የምንበላው በሱ ነው። ሒሳቡ ጠዋት መሆኑን አልጠየቅኋትም።»

መምህርቷ ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ ሳበች። ሁለቱ ሴቶች በእንግሊዝኛ ሲነጋገሩ፣ ሲሰርዙ፣ ሲመልሱ ቆዩ። ፀደንያ አንድ ጊዜ «ብዙ ተሠቃይቼ» የሚል ጨምራ መልሳ አጠፋችው፤ መምህርቷም «ጥሩ አደረግሽ፤ የሆነውን ንገሪያቸው፣ ማዘኑን ለነሱ ተዪላቸው» አለቻት። ሲያልቅ ፀደንያ ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችላቸው፦

«በአሥራ አንደኛ ክፍል ሁለተኛ መንፈቅ ዓመት የሒሳብና የፊዚክስ ውጤቴ ወርዷል። በዚያ ጊዜ አብሬያቸው የምኖረው አያቴ በዓይን ሞራ ምክንያት ማየት አልቻሉም ነበር። ቤተሰባችን የሚተዳደርበትን የማመልከቻ ጽሕፈት ሥራ ጠዋት ጠዋት እኔ እሠራ ነበር፤ ሁለቱ ትምህርቶች የሚሰጡትም በዚያው ሰዓት ነበር። አያቴ ክረምቱ ላይ ታክመው ወደ ሥራቸው ከተመለሱ ወዲህ ከክፍል አልቀረሁም፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴም ወደ ቀድሞው ተመልሷል።»

«አለቀ?» አሉ ጋሽ ልዑልሰገድ።

«አለቀ።»

«ከሦስት መቶው ቃል ስንቱን ተጠቀማችሁ?»

«እሩቡን አይሞላም።»

የተረፈው ቦታ ነጭ ሆኖ ስክሪኑ ላይ ይታያቸዋል። ጣታቸው ሰያፍ መስመር ሊያሰምር እንደተንቀሳቀሰ ፀደንያ አየችና ፈገግ አለች። መላክ ቀረ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያቆም ደግሞ ማንም አይጎዳም ነበር፤ ሳጥኗ ውስጥ ያለው ሁሉ እውነት ነው፣ ማን ቃሉን እንዳወጣ ማንም አልጠየቀም፣ የጋሽ ልዑልሰገድ ማዕረግም ባለበት ነው። ይህን አይተዋል። የሕግ ሰው ናቸው፤ ማምለጫ በር ሲከፈት አይስታቸውም።

አልተነሡም።

«የቀረ አለ» አሉ።

«አባባ፣ በቃ...»

«ዝም በዪ። ልጄ መምህርት፣ 'ትጽፍልኝ ነበር' ያልኩት ጎደሎ ነው። እጁ ብቻ አይደለም። ቃሉም የሷ ነው። ዳኛው ችሎት ላይ አንብበው ያመሰገኑት... የሷ ነው። እኔ የተናገርኩትን አንዱንም አልጻፈችውም። እሱን ጨምሩበት፤ ቦታም ተርፏችኋል።»

ፀደንያ እጇን ከኮምፒውተሩ አነሣች። መምህርት እፀገነት ግን «ሳጥኗ ውስጥ አይገባም» አለች።

ጋሽ ልዑልሰገድ መሬት ቢከፈት በወደዱ። የትውልድ ሐረጉ አይገባም፣ ግጥሙ አይገባም፤ ከሆዳቸው ፈንቅለው ያወጧት አንዲት እውነትም አትገባም!

«አይቀየሙኝ» አለች መምህርቷ። «ሳጥኗ ውጤቱ ለምን እንደወረደ ታስረዳለች፤ አስረድታ ጨርሳለች። ሥራውንም ከትምህርት ውጭ የሠራችውን የምትዘረዝርበት ቦታ ላይ አሁን ታስገባዋለች። ራሷን ማመስገን ደግሞ ከሷ አፍ ደስ አይልም። ይህ የኔ ደብዳቤ ውስጥ ነው የሚገባው፤ ገና አልላክሁትም። ግን የማላውቀውን አልጽፍም። ዳኛው ያመሰገኑት ማመልከቻ የሷ እንደሆነ እርስዎ ነግረውኛል፤ ዳኛው ራሳቸው ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«እንግዲያውስ...»

«ይወቁ» አሉና ተነሡ።

ጋሽ ልዑልሰገድ ፍርድ ቤት ሲደርሱ ዳኛው ለምሳ እየወጡ ነበር። በሩ ላይ ባለጉዳይ ሞልቷል፤ ዓምደሚካኤልም ከማተሚያው ጀርባ ተቀምጧል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዳኛውን ገለል አድርገው ያናግሯቸው ነበር። አሁን ግን ገለል ቢያደርጓቸው በመሐል ሐሳባቸውን እንደሚቀይሩ ራሳቸውን ያውቁታል። ኮፍያቸውን አውልቀው ከዳኛው ፊት ቆሙ።

«ጌታዬ፣ ያመሰገኑኝ ማመልከቻ የልጅ ልጄ የፀደንያ ነበር። እኔ አላይም ነበር።»

በሩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ወደሳቸው ዞረ። ዓምደሚካኤል ቀና አለ። ዳኛው የጋሽ ልዑልሰገድን ንግግር ለብዙ ዓመት ያውቁታልና፣ ቦርሳቸውን መሬት አስቀመጡ፤ እጃቸውን አጣምረው፣ ቅድመ አያቶቹ እስኪመጡ በትዕግሥት ጠበቁ። ነፋሱ የቆርቆሮውን ጥላ አንኳኳው።

«እሺ ጋሽ ልዑልሰገድ፣ ይቀጥሉ» አሉ ዳኛው።

«አለቀ» አሉ ጋሽ ልዑልሰገድ።